ቃለ ጉባኤውን ግሩፕ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት፦ ማጥቆር፣ መፋቅ ወይስ ሌላ ቅጂ መጻፍ?

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ማህበር ጸሐፊ በሆንኩ በሁለተኛው ወር ነው ጉድ የሠራሁት። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ በዎርድ ጻፍኩ። የሁለት ሰዎችን ስምና ስልክ በጥቁር ማድመቂያ ሸፈንኩ። ፒዲኤፍ አደረግኩና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ጥቁሩን ተጭነው ይያዙና ኮፒ ያድርጉት» አለኝ። አደረግኩት። ሌላ ቦታ ስለጥፈው ስሙም ስልኩም ፍንትው ብሎ ወጣ። ፋይሉን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን እስከዚያ ስንት ሰው እንዳወረደው እንጃ።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚጠቀምባቸውን መንገዶች በሙሉ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አራት ናቸው፦ በስክሪን ላይ ጥቁር ሳጥን መደረብ፣ በትክክለኛ የማጥፊያ መሣሪያ መፋቅ፣ አትሞ በማርከር ማጥቆርና ስካን ማድረግ፣ እና ለሕዝብ የሚለጠፍ ሌላ ቅጂ መጻፍ። እኔ አሁን የመጨረሻውን ነው የምጠቀመው። ግን ሁልጊዜ እሱ ነው ማለት አይደለም፤ የቱ መቼ እንደሚሻል እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የምንሠራበት ምሳሌ ይኑረን። ስሙን እገሌና እገሊት ብዬዋለሁ፤ ቁጥሮቹም የፈጠራ ናቸው፤ አጻጻፉ ግን የማንኛውም ኮሚቴ ነው፦

«አጀንዳ 3፦ ውዝፍ የጋራ ወጪ። የብሎክ 14 የቤት ቁጥር 307 ነዋሪ ወ/ሮ እገሊት የ8 ወር ውዝፍ 4,800 ብር አለባቸው። በስልክ ቁጥራቸው ተደውሎላቸው ልጃቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ስለሚያደርግ መክፈል እንዳልቻሉ ገልጸዋል። የኮሚቴው አባል አቶ እገሌ ‹የተቸገሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም› በማለት ተቃውመዋል። ውዝፉ በ6 ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል በ5 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞ እና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።»

አሁን አንድ ጥያቄ። ከዚህ ውስጥ ምኑን ታወጣላችሁ? አብዛኛው ሰው ስሙን፣ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን ይላል። ልክ ነው፣ እነሱ መውጣት አለባቸው። ግን ሦስቱን አጥቁራችሁ የቀረውን አንብቡት። «ልጃቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ስለሚያደርግ» የሚለው ቁጭ ብሏል። በእኛ ሳይት ልጇን በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት በታክሲ ወደ ሆስፒታል የምትወስድ እናት ስንት ናት? አንድ። የጥበቃው ሰው ያውቃታል፣ የሱቁ ልጅ ያውቃታል። ስሟን ማጥቆራችን ምንም አልጠቀማትም። እንዲያውም ጎዳናት፤ ጥቁር መስመር ያየ ሰው «ማን ትሆን?» ብሎ መገመት ይጀምራል።

የጎረቤት ቃለ ጉባኤ ከፍርድ ቤት ሰነድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የፍርድ ቤቱን ሰነድ የሚያነበው ባለጉዳዩን የማያውቅ ሰው ነው፤ ስሙ ከወጣ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። የእኛን የሚያነበው ግን ደረጃ ላይ ሰላም የምንባባል ሰው ነው። ለእሱ ብሎክ፣ ፎቅ፣ ሥራ፣ ሕመምና የልጅ ብዛት እያንዳንዳቸው እንደ ስም ናቸው።

ጥቁር ሳጥን መደረብ

ይሄን በጭራሽ አታድርጉ። እኔ የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ሠርተውታል። ፒዲኤፍ ማለት እንደ ፎቶ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ውስጡ «እዚህ ጋ ይሄን ጽሑፍ አስቀምጥ፣ ከዚያ እዚህ ጋ ጥቁር አራት ማዕዘን ሣል» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው ያሉት። ሳጥኑ ከላይ ተደረበ እንጂ ጽሑፉ ከሥሩ አለ። በዎርድ ማድመቂያም፣ ከ`Shapes` በተወሰደ ሳጥንም፣ ፊደሉን ነጭ በማድረግም ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የዶናልድ ትራምፕን የምርጫ ዘመቻ ይመራ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ልክ እንደዚህ ነበር የተሸፈነው። ጋዜጠኞች ጥቁሩን ኮፒ አድርገው ለጠፉት። ማናፎርት የምርጫ ቅስቀሳውን የሕዝብ አስተያየት መረጃ ከሩሲያ ስለላ ጋር ግንኙነት አለው ለተባለው ለኮንስታንቲን ኪሊምኒክ አጋርቷል የሚለው ክስ የወጣው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005ም የአሜሪካ ጦር ባግዳድ ውስጥ ስለተገደለው ጣሊያናዊ የደህንነት መኮንን ኒኮላ ካሊፓሪ ባወጣው ሪፖርት ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እነዚህ ሰዎች ጠበቃና ባለሙያ በየአቅጣጫው አላቸው። እኔ ደግሞ አንድ ላፕቶፕ።

ስልክ ላይ የሚደረገው ማደብዘዝም የዚህ ዘመድ ነው። ስሙን ወይም ስልኩን በሞዛይክ አድበዝዘው የሚለቁ አሉ። ስልክ ቁጥር ለዚህ የመጨረሻው መጥፎ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ቦታ ሊሆን የሚችለው ከ0 እስከ 9 ብቻ ነው። አንድ ሰው አሥሩንም አኃዝ በዚያው ፊደል ጽፎ፣ በዚያው መጠን አድበዝዞ ቢያስተያይ የትኛው እንደሆነ ይደርስበታል። ይህን በራሱ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ አለ።

በትክክል መፋቅ

ዋናውን ሰነድ ራሱን፣ ቅርጹ ሳይቀየር ማሳየት ካስፈለገ ይሄ ነው መንገዱ። ለምሳሌ ባንክ ወይም ወረዳ «የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ አምጡ» ካላችሁና የአንድ ነዋሪ የጤና ጉዳይ በመሃል ካለ እዚያ ሌላ ጽሑፍ ጽፎ መሄድ አይሠራም። (መጀመሪያ ግን ቢሮውን ጠይቁ። አንዳንዱ ሙሉውን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አንዳንዱ ደግሞ የውሳኔው ገጽ ብቻ ይበቃዋል።)

አዶቤ አክሮባት ፕሮ `Redact` የሚባል መሣሪያ አለው። ነፃው ሪደር ላይ የለም። ሥራው ሁለት ደረጃ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋውን ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ይሄ ገና ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ `Apply` ስትሉ ነው ጽሑፉ ከፋይሉ የሚወጣው። ምልክት አድርጎ ሴቭ ያደረገ ሰው ገና ምንም አላጠፋም። የተደበቀ መረጃም ይወገድ እንደሆነ ሲጠይቃችሁ እሺ በሉት።

ገንዘብ ለማውጣት ካልፈለጋችሁ ሊብሬኦፊስ አለ። ከ6.3 ጀምሮ `Tools` ውስጥ `Redact` የሚል አለው። ሰነዱን `Draw` በሚባለው የራሱ ፕሮግራም ይከፍተዋል፤ የሚጠፋውን በአራት ማዕዘን ትሸፍናላችሁ፤ ከዚያ በዚያው መሣሪያ በኩል ወደ ፒዲኤፍ ትልኩታላችሁ። እሱ ገጹን ወደ ምስል ነው የሚቀይረው፤ ስለዚህ ከሥር የሚቀር ጽሑፍ የለም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፦ በሰነዱ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ፋይሉ ይከብዳል፣ በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ነዋሪም ምንም አይሰማም። እኛ ሳይት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለን፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ድክመቱ ግን ሶፍትዌሩ ቢሻሻልም አይለቅም። ጥቁሩ መስመር ርዝመት አለው። ኮሚቴያችን ሰባት ሰው ነው፤ መገኘቱን የሚያሳየው ዝርዝር ከላይ ሙሉ ስማቸውን ይዟል። በአጀንዳ 3 ላይ የተቃወመውን ሰው ስም ባጠቁር ስድስቱ ደግሞ በሌላ አጀንዳ በስም ተጠቅሰው ከሆነ የቀረው አንድ ነው። ጥቁሩ አጭር ከሆነ ደግሞ ሦስት ፊደል ስም ያለውን መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጄፍሪ ኤፕስታይን ተባባሪ የነበረችው የጊሌን ማክስዌል የቃል ምስክርነት ሲወጣ የጠፉት ስሞች የተገኙት እንዲህ ነው። ከሰነዱ ኋላ በፊደል ቅደም ተከተል የተሰደረ የቃላት ማውጫ ነበር፤ በማውጫው ውስጥ የተጠቆረው ቃል በየትኞቹ ሁለት ቃላት መካከል እንደሆነ በማየት ጋዜጠኞች ስሞቹን አወጧቸው። በእኛ ቃለ ጉባኤ የማውጫውን ሥራ የሚሠራው የተሰብሳቢዎች ዝርዝርና የፊርማ ገጹ ነው።

ማርከርና ስካን

ቃለ ጉባኤያችሁ በመዝገብ ደብተር ላይ በእጅ የሚጻፍ ከሆነ፣ ብዙ እድሮች እንደሚያደርጉት፣ ምርጫችሁ ይሄ ነው። ይሠራል፤ ግን ማርከር ያጠቆርነውን ሁሉ አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አሜሪካ ውስጥ በማይክሮሶፍትና በንግድ ኮሚሽኑ ክርክር ላይ ሶኒ ያቀረበው ሰነድ በማርከር ተጠቁሮ ስካን የተደረገ ነበር፤ የጨዋታዎቹ ወጪ ከቀለሙ ሥር ይነበብ ነበር። የእስክሪብቶ ቀለምና የማርከር ቀለም ብርሃን የሚመልሱት በተለያየ መንገድ ነው። ስካነር ያንን ልዩነት ይይዘዋል፤ ከዚያ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ይታያል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ደብተሩን ራሱን አትንኩ፤ እሱ የተፈረመ ሰነድ ነው። ገጹን ፎቶ ኮፒ አንሱ። በኮፒው ላይ የሚጠፋውን ቦታ ወፍራም ወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉበት፣ ወይም ቦታውን በመቀስ ቆርጣችሁ አውጡት። ከዚያ ያንን እንደገና ፎቶ ኮፒ አድርጉና ሁለተኛውን ኮፒ ስካን አድርጉ። የሚጨምረው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከማርከር ጋር ሲነጻጸር ግን ቀለም የለበትም፣ ስለዚህ የሚያሳልፈው ነገር የለም።

በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በስልኩ ላይ የምታጠቁሩ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። የመሣያ ብዕሩን እዩ። ሃይላይተር የሚመስለው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ አምስት ጊዜ ብትደጋግሙበት ጥቁር ይመስላል እንጂ አይዘጋም። ድፍን ቀለም ያለውን ብዕር ወይም የተሞላ አራት ማዕዘን ተጠቀሙ። ሁለተኛው፣ መቁረጥን አትመኑት። እ.ኤ.አ. በ2023 የጎግል ፒክስል ስልኮች የፎቶ ማስተካከያ የተቆረጠውን ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይተወው እንደነበር ታውቋል። ችግሩ ተስተካክሏል፤ ዎርድ ውስጥ የተቆረጠ ፎቶ ግን ዛሬም ሙሉው አብሮ ይቀመጣል፤ `Compress Pictures` ውስጥ ገብታችሁ `Delete cropped areas of pictures` ካላላችሁ በስተቀር።

ሌላ ቅጂ መጻፍ

አሁን ወደ እኔ ምርጫ። ዋናው ቃለ ጉባኤ እንዳለ ይፈረማል፣ በፋይል ይቀመጣል። ለግሩፑ የሚሄደው ግን ከእሱ ተነስቶ የተጻፈ ሌላ ቅጂ ነው። እኛ «የሚለጠፍ ቅጂ» ነው የምንለው። ያ አጀንዳ በዚህ ቅጂ እንዲህ ይሆናል፦

«አጀንዳ 3፦ ውዝፍ የጋራ ወጪ። በግል ችግር ምክንያት መክፈል ያልቻሉ አንድ ነዋሪ ያቀረቡት ጥያቄ ታይቷል። ውዝፋቸውን በ6 ወር ከፋፍለው እንዲከፍሉ በ5 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞ እና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። [ስም፣ አድራሻ እና የግል ምክንያት ወጥቷል።]»

ምን ቀረ? ውሳኔው፣ ድምፁ፣ የጊዜ ገደቡ። ነዋሪው ማወቅ የሚገባው ይሄን ነው፤ ነገ እሱም ቢቸግረው በ6 ወር ከፋፍሎ መክፈል እንደሚቻል ያውቃል። ምን ሄደ? የኩላሊት እጥበቱ «የግል ችግር» ሆነ። 4,800 ብርም ወጣ። ስለ ገንዘቡ ብዙ አሰብኩበት። የውዝፍ መጠን ብቻውን ሰውን ባያሳውቅም የወር መዋጮው 600 ብር ከሆነ 4,800 ስምንት ወር መሆኑን ሁሉም ያሰላል፤ «ከመስከረም ጀምሮ ያልከፈለችው ማን ነበረች» የሚለው ወሬ ደግሞ ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ የግለሰቡን አውጥቼ በገንዘብ ሪፖርቱ ላይ ድምሩን አስቀምጣለሁ፦ ስንት ቤት ውዝፍ እንዳለበትና በጠቅላላው ስንት ብር እንደሆነ። ቤቶቹ ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ስንት ቤት እንደሆነ አልጽፍም፣ የብሩን ድምር ብቻ።

የአቶ እገሌም ንግግር ወጥቷል። እዚህ ላይ ከሰብሳቢያችን ጋር ተከራክረናል። እሱ «ኮሚቴ ነው፣ የተናገረውን ሕዝብ ይወቅ» አለ። እኔ ደግሞ በድምፅ የሰጠው አቋም አንድ ነገር ነው፣ ስለ አንዲት እናት በንዴት የተናገረው ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ የሱ ስም ከተለጠፈ ንግግሩ ስለማን እንደሆነ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይወጣል። በዚህ ተስማማን። በሌላ ጉዳይ ላይ ግን፣ ለምሳሌ የውሃ ፓምፑ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ በሚለው ላይ፣ የኮሚቴ አባል ስሙ ከነአስተያየቱ ይቀራል። የጠጋኙ ድርጅት ስምና የተከፈለው ብርም ይቀራል። እሱን የሚደብቅ ኮሚቴ ካለ የሚደብቀው ሌላ ነገር ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ድክመት መተማመን ነው። «ቀይራችሁ ጻፋችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ደግሞ አይፈረድበትም። የምናደርገው እንዲህ ነው። ከላይ «ይህ ለነዋሪዎች የተዘጋጀ ቅጂ ነው፤ የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ቁጥር ይህን ያህል በማህበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል» ብለን እንጽፋለን። ከየአጀንዳው የወጣ ነገር ካለ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በቅንፍ እናስቀምጣለን፤ ዝም ብለን አንቆርጥም። ከመለጠፉ በፊትም ሌላ አንድ የኮሚቴ አባል ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። እስካሁን ይሄ በቂ ሆኗል።

ከአንድ በላይ ሰው በአንድ አጀንዳ ላይ ካለ «ነዋሪ ሀ»፣ «ነዋሪ ለ» እላለሁ። ፊደሉ በዚያው ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው የሚሠራው። በመስከረም ነዋሪ ሀ የነበረው በጥቅምትም ሀ ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ ታሪኩ ተጠራቅሞ ማንነቱ ይወጣል። ፊደሉንም በብሎክ ተራ አትስጡ።

አማርኛ የሚያመጣው ጣጣ

ይህን በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ አታገኙትም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያደከመኝ እሱ ነው። ስሙን በ`Find` ፈልጎ በሌላ መተካት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ኃይሉ የሚባል ሰው በአንድ ቃለ ጉባኤ ውስጥ «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ሀይሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሠናይትና ሰናይት፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለሙና አለሙም እንዲሁ። ስለዚህ የምፈልገው ሙሉ ስሙን ሳይሆን የማይቀያየረውን ክፍል ነው፤ «ይሉ» ብዬ እፈልግና የሚመጣውን አንድ በአንድ አያለሁ።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ተስፋ፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ብርሃን ስምም ናቸው፣ ተራ ቃልም ናቸው። አንድ ጊዜ `Replace All` ብዬ «ነዋሪ ሀ በሰፈነበት ሁኔታ ስብሰባው ተጠናቋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣልኝ። ሰላም የምትባል ነዋሪ ነበረች። ሳቅንበት፤ ግን ያ ቢለጠፍ ኖሮ ነዋሪ ሀ ማን እንደሆነች በነፃ ማሳወቅ ነበር።

ግሡም ያሳብቃል። «ነዋሪ ሀ ጠየቀች» ካላችሁ ሴት መሆኗን ተናግራችኋል፤ በጉዳዩ ላይ ያሉት ሦስት ወንድና አንድ ሴት ከሆኑ አለቀ። እዚህ ላይ የአክብሮት አነጋገራችን ያድነናል። «ጠየቁ፣ አመለከቱ፣ ተቃወሙ» ብሎ የጻፈ ሰው ጾታን ሳይናገር ያልፋል። አቶና ወ/ሮን አውጥታችሁ ሁሉንም በአክብሮት ጻፉት።

የቆዩ ፋይሎች ካሏችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ኮፒ ሲደረግ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይመስላል። ስሙን ስትፈልጉት አይገኝም፤ የጠፋ ይመስላችኋል። ግን ያንኑ ዝባዝንኬ ፎንቱ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ለጥፎ ፎንቱን የመረጠ ሰው በአማርኛ ያነበዋል። የድሮ ቃለ ጉባኤ ከሆነ በዓይናችሁ እያነበባችሁ እንደገና መተየብ ይሻላል።

ከመልቀቃችሁ በፊት

የሚለጠፈውን ቅጂ ዋናውን ፋይል ከፍታችሁ `Save As` በማለት አትጀምሩት። አዲስ ባዶ ዶክመንት ክፈቱና ጽሑፉን ብቻ ለጥፉ፤ ዎርድ ላይ `Keep Text Only` የሚለው ነው። አለዚያ የተሰረዘው ሁሉ በ`Track Changes` ውስጥ፣ አስተያየቶቹም በጎን ተደብቀው ይመጣሉ። ጎግል ዶክስ ከሆነ የማረም ፈቃድ ያለው ሰው የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ከታሪኩ ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ሊንክ አትላኩ፣ ፒዲኤፍ አውርዳችሁ ላኩ። የፋይሉን ስምም እዩት። «ውዝፍ_ብሎክ14_307» የሚል ስም ያለው ንጹሕ ፒዲኤፍ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ `Ctrl+A` ከዚያ `Ctrl+C` በሉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። የወጣው ጽሑፍ ሰው የሚያየው ነው። ትእዛዝ መጻፍ የሚቀናችሁ ከሆነ ደግሞ፦

```
pdftotext qale-gubae.pdf - | grep -nE "09|07|[+]251"
exiftool qale-gubae.pdf
```

የመጀመሪያው የቀረ የሞባይል ቁጥር ካለ ያሳያችኋል፤ ሁለተኛው የጸሐፊውን ስምና ሌላ በፋይሉ ውስጥ የተደበቀ መረጃ ያወጣል። ሰነዱ ምስል ከሆነ የመጀመሪያው ባዶ ነው የሚመልሰው፤ ያኔ በዓይን ማንበብ ነው።

አንዳንድ አጀንዳ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሸፈን አይሆንም። ባለፈው ዓመት ከፓርኪንግ ባትሪ ጠፋና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተጠረጠረ። ጥበቃዎቻችን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ማታ አንዱ ቀን። «የማታው ጥበቃ» ማለት ስሙን መጥራት ነው፣ «አንድ ጥበቃ» ማለት ደግሞ ሁለቱንም መክሰስ ነው። በሚለጠፈው ቅጂ ላይ «የጥበቃ አገልግሎትን የሚመለከት ጉዳይ ታይቶ ለፖሊስ እንዲቀርብ ተወስኗል» ብቻ አልን። እንዲህ ላለው ነገር የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከስብሰባው ጀምሮ ለይተው ነው የሚይዙት፤ ምስጢራዊው አጀንዳ ሕዝብ ከወጣ በኋላ ይታያል፣ ወረቀቱም ለብቻው ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ የጤና፣ የዲሲፕሊንና የግል ዕዳ ጉዳይ ሲመጣ በአባሪ ገጽ እንጽፋለን። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይሄን ቢለምድ ግማሹ ሥራ ይቀርለታል።

«ሕግ አለው ወይ?» ለሚለኝ ሰው፦ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኔ ግን ሕጉን ከማንበቤ በፊት ነው የተማርኩት። ያን ቀን ፋይሉን ካጠፋሁ በኋላ ስማቸው ወደወጣው ሁለት ሰዎች ቤት ሄድኩ። አንዱ «ምን ችግር አለው» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሌላዋ በሩን ከፍተው ቆመው አዳመጡኝ፣ ግቡም አላሉኝም። በሳምንቱ ስልካቸውን ቀየሩ። አዲሱን ቁጥር ለኮሚቴው የሰጡት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እሱንም በወረቀት ጽፈው፣ አጣጥፈው፣ በእጄ።